«ለ» ወይስ «ሐ»? የውል ማብቂያና የስብሰባ ጥሪ ያምታቱብኝ የማስሎው ጥያቄ

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። ለአስተዳደር ሙያ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማስሎው የሰውን ፍላጎት አካላዊ፣ ደህንነት፣ አብሮነት፣ ክብርና ራስን እውን ማድረግ ብሎ በአምስት ደረጃ ያስቀመጠበትን ተዋረድ ከሚመለከቱት የልምምድ ጥያቄዎች ውስጥ አንዷ ሦስት ቀን ሙሉ ስታናድደኝ ሰንብታለች፤ እንዳለች አስቀምጣታለሁ።

አንዲት ሠራተኛ በየስድስት ወሩ በሚታደስ ውል ትሠራለች። ደመወዟ ለኑሮዋ ይበቃታል፤ ከባልደረቦቿ ጋርም ትግባባለች። ካለፈው ወር ጀምሮ ግን የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ወደሚወጣባቸው ሳምንታዊ ስብሰባዎች መጠራቷ ቀርቷል። ለኃላፊዋ ደብዳቤ ጽፋ፣ የውሏ ማብቂያ ከመድረሱ በፊት በሥራዋ መቀጠል አለመቀጠሏ እንዲገለጽላት ጠየቀች። ጎልቶ የሚታየው ያልተሟላ ፍላጎት የትኛው ነው? ሀ) አካላዊ፣ ለ) የደህንነት፣ ሐ) የአብሮነት፣ መ) የክብር።

እኔ «ሐ»ን መረጥኩ። የመልስ ቁልፉ «ለ» ይላል። ደህንነት ሲባል በእኔ አእምሮ የሚመጣው የራስ ቁር፣ የማሽን መከለያና የእሳት ማጥፊያ ነው። ይህች ሴት ጠረጴዛ ላይ ነው የምትሠራው፤ የሚያሰጋት ማሽን የለም፤ ደመወዟም አልተጓደለም። የደረሰባት ነገር ከስብሰባ መገለል ነው። ከሰው መሀል የተገለለ ሰው የጎደለው አብሮነት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ቁልፉ ተሳስቷል ባይ ነኝ። የምታስረዱኝ ካላችሁ እሰማለሁ።

ይህን ከጻፍኩ ሁለት ሳምንት ሆነ። ክሩ ስለረዘመና ብዙዎች ከመጀመሪያው ማንበብ ስለሰለቻቸው፣ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው በራሴ አንደበት ልተርካቸው ነው። የተናገሩትን ያዛባሁባችሁ ካላችሁ ታገሡኝ።

መልስ 1። የመጀመሪያው ሰው የጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ቁልፉ ትክክል መሆኑን ገልጾ፣ ስለ ደብዳቤው የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ደግሜ እንዳነብ በትሕትና መክሮኝ፣ መልካም ፈተና ተመኝቶልኝ ሄደ። ደግሜ አነበብኩት። ምንም አልታየኝም።

መልስ 2። ሁለተኛው ይህንኑ ፈተና በቅርቡ ያለፈ ወጣት ነው፤ ማለፉንም በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አብስሮናል። የእሱ ዘዴ ቃል ማደን ነው። ውል፣ ጡረታ፣ ኢንሹራንስ ካየህ ደህንነት በል፤ ቡድን፣ ጓደኛ፣ ስብሰባ ካየህ አብሮነት በል፤ ሽልማት፣ ማዕረግ፣ ምስጋና ካየህ ክብር በል ይላል። ዝርዝሩን በአንድ ገጽ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጥፎት ከርሞ፣ በዚያው እንዳለፈ ነገረን።

መልስ 3 የእኔ ነው። በጥያቄዋ ውስጥ ውልም ስብሰባም ስላሉ የግድግዳው ዝርዝር ሁለት መልስ ይሰጠኛል ብዬ ጻፍኩ። ቆጣ ብዬ ነበር፤ አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል።

መልስ 4። እዚህ ላይ አንዲት መምህርት ገቡ። የምርጫ ጥያቄ በማዘጋጀት ብዙ ዓመት እንዳሳለፉ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ስለ ራስ ቁሩ ያነሣሁትን አልነቀፉብኝም፤ ይልቁንም ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ አሳዩኝ። ማስሎው እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ የአዋቂ ሰው የደህንነት ፍላጎት በዕለት ተዕለት ኑሮ እንዴት እንደሚገለጥ ሲዘረዝር፣ የሚጠቅሰው ዋስትናና ጥበቃ ያለውን ሥራ መሻትን፣ የቁጠባ ሒሳብ መያዝን፣ ለሕክምና፣ ለሥራ አጥነትና ለእርጅና ኢንሹራንስ መግባትን ነው። ስለዚህ በዚህ ተዋረድ ውስጥ ደህንነት ማለት ነገ የሚያመጣውን ማወቅና በእጅ ያለው ነገር ድንገት እንደማይወሰድ መተማመን ነው። የራስ ቁሩ አለበት፤ ነገር ግን ከብዙዎቹ መገለጫዎች አንዱ ብቻ ነው።

ከዚያ መፈተኛቸውን አስተማሩን። ሠራተኛዋ ለደብዳቤዋ ከሁለት መልሶች አንዱ ደረሳት ብለን እናስብ። በመጀመሪያው መልስ ኃላፊዋ ይቅርታ ጠይቀው፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በስብሰባው እንድትገኝ ይጋብዟታል፤ የውሉን ጉዳይ ግን ጊዜው ሲደርስ እናያለን ብለው ያልፉታል። በሁለተኛው መልስ ውሏ ለሁለት ዓመት መታደሱን ያበሥሯታል፤ ስብሰባው ግን ለክፍል ኃላፊዎች ብቻ ስለሆነ እንደማትጠራ ይነግሯታል። ሌሊቱን ተኝታ የምታድረው በየትኛው ነው? በመጀመሪያው መልስ ስብሰባው ላይ ተቀምጣም ቢሆን ልቧ ቀን ይቆጥራል። በሁለተኛው ግን ደብዳቤዋን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። የትኛው ነገር ሲሰጣት ጥያቄዋ እንደሚያበቃ መርምር፤ የጎደላት እሱ ነው አሉ። ስብሰባው በዚህ ታሪክ ውስጥ ጭስ ነው፤ እሳቱ ውሉ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሲወጣ አለመጠራቷ ያሠጋት፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደማትኖር ስለሚጠቁም ነው።

አንድ ነገር ጨመሩ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የተማርኩበት እሱ ነው። ጥያቄ አዘጋጅ ያለ ምክንያት ዓረፍተ ነገር አይጨምርም። ደመወዟ ይበቃታል የሚለው የ«ሀ»ን በር ለመዝጋት የገባ ነው። ከባልደረቦቿ ጋር ትግባባለች የሚለው ደግሞ የ«ሐ»ን በር ይዘጋል። እኔ ተዘግቶ የቆየውን በር ስገፋ ከርሜያለሁ።

መልስ 5። አንድ ደግ ሰው ረጅም ምክር ጻፉ። ኃላፊው ደብዳቤው በደረሳቸው በሳምንት ውስጥ በጽሑፍ መመለስ እንዳለባቸው፣ ውሉ የማይታደስ ከሆነም ሌላ ሥራ የምትፈልግበት ጊዜ እንዲኖራት አስቀድመው ሊያሳውቋት እንደሚገባ፣ በመጨረሻም ለሴትየዋ የሚጻፈው ደብዳቤ ምን ዓይነት ቃና ሊኖረው እንደሚገባ ዘረዘሩ። ምክራቸው ሁሉ ጥሩ ነው። የተጠየቀው ግን ይህ አልነበረም።

መልስ 6። ይህንኑ የሚናገር ሰው ወዲያው መጣ፤ ነገር ግን አነጋገሩ ሻካራ ነበር። መልስ 5ን ጥያቄ ሳያነቡ መልስ ይሰጣሉ ብሎ ከዘለፈ በኋላ ወደ መምህርቷ ዞረ። የ«ሀ»ና የ«ሐ» በር ከተዘጋ የ«መ»ን በር የዘጋው ምንድን ነው ሲል ጠየቀ። ሥራዋ ተንቆ ይሆናል፤ ሐሳቧ ዋጋ አጥቶ ይሆናል፤ ጥያቄው ስለዚህ አንድም ቃል አላለም። ዘለፋውን ባልወድለትም ጥያቄው ሹል ነበር። መምህርቷ በኋላ ላይ፣ በመልስ 8 መጨረሻ፣ እውነቱን ተቀበሉለት። የ«መ» በር የተዘጋው በደብዳቤው ይዘት ብቻ ነው፤ ጠንቃቃ አዘጋጅ ቢሆን ኖሮ የሥራ ግምገማዋ ከፍተኛ ነበር የሚል ሐረግ ይጨምር ነበር አሉ። መልስ 5ን የጻፉት ሰው ከዚያ ወዲህ ወደ ክሩ አልተመለሱም። አዝናለሁ።

መልስ 7። አንድ ጎልማሳ የራሱን ታሪክ ይዞ መጣ፤ ክሩ ውስጥ ዓይኔ የቆመበት ይህ ነው። ከሁለት ዓመት የሙከራና የጊዜያዊ ሥራ በኋላ ቋሚ ሆኖ ተቀጠረ። የተቀጠረበት መደብ ግን ሁሉም የሚወዱት ባልደረባ የለቀቀበት ነበር። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የቀድሞው ሰው ሹራብ ገና በወንበሩ መደገፊያ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ማንም አላነሣውም፤ እሱም ለማንሣት አልደፈረም። ጠዋት ሲገባ ሰላምታውን በጭንቅላታቸው ይመልሱለታል። የክፍሉ ሰዎች በስልክ መልእክት የሚነጋገሩበት ቡድን አላቸው፤ ስብሰባ ወደ ሌላ ሰዓት ሲዛወር የሚሰማው ባዶ ክፍል ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ሹራቡን ከአራት ወር በኋላ የጽዳት ሠራተኛዋ ወሰደችው። ዋስትናውም ደመወዙም በእጁ ነበር፤ ግን ሥራውን ሊለቅ ማመልከቻ ጽፎ እስከ መጨረስ ደርሷል። ስለዚህ ከስብሰባ መቅረት ማለት አብሮነት ማጣት ነው፤ ጠያቂው ልክ ነው፤ «ሐ» ነው ሲል ደመደመ።

ከጎኔ የቆመ ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን የቆየው እስከ መልስ 8 ነው።

መልስ 8። መምህርቷ ለታሪኩ በጣም አዘኑ፤ ከዚያም ታሪኩ የእኔን መልስ ሳይሆን የእሳቸውን መፈተኛ እንደሚያጸና አሳዩ። ይህ ሰው ውል ሌላ አሥር ዓመት ቢጨመርለት ማመልከቻውን አይቀድም ነበር። በመልእክት ቡድኑ ውስጥ ቢያስገቡትና አንድ ሰው ሹራቡን አንሥቶ ና ተቀመጥ ቢለው ግን ይቀድደው ነበር። ስለዚህ የእሱ «ሐ» ነው፤ የሴትየዋ «ለ» ነው። ሁለቱም ከስብሰባ ቀርተዋል። ፍላጎቱን የሚወስነው ድርጊቱ ራሱ ሳይሆን ድርጊቱ የነካው ጉድለት ነው።

ይህን በቃል ብቻ አልተውትም። ያችኑ ጥያቄ ወስደው፣ የስብሰባውን ዓረፍተ ነገር ሳይነኩ፣ ዙሪያውን ለወጡት። በመጀመሪያው ለውጥ ሠራተኛዋ ቋሚ ናት፤ የውል ነገር የለም። የክፍሉን ውሳኔዎች የምትሰማው ከሌላ ክፍል ሰዎች ነው፤ ኃላፊዋንም የምትጠይቀው ከሌሎቹ ጋር አብራ እንድትቀመጥ ነው። መልሱ ወደ «ሐ» ሄደ። በሁለተኛው ለውጥ እንደገና ቋሚ ናት፤ ከባልደረቦቿም ጋር ትግባባለች፤ ነገር ግን በስብሰባው ላይ የሚቀርበውን ዕቅድ ያረቀቀችው እሷ ስትሆን ዕቅዱ የሚቀርበው በሌላ ሰው ስም ነው። የምትጠይቀው ስሟ በሽፋኑ ላይ እንዲሰፍር ነው። መልሱ አሁን «መ» ሆነ። አንድ የስብሰባ ጥሪ ሦስት ፊደል ላይ ዞረ። የመልስ 2 የግድግዳ ዝርዝር ግን በሁለቱም ለውጦች ላይ ስብሰባ የሚለውን ቃል አይቶ «ሐ» ይል ነበር።

ይህን ሳነብ ቁልፉ ተሳስቷል ያልኩበትን የመክፈቻ ጽሑፍ ለመሰረዝ እጄ ሄዶ ነበር። ተውኩት፤ ይቀመጥ።

መልስ 9። አንዲት ሌላ ተፈታኝ ነገሩን ወደ ላይኛው ድንበር ወሰደችው። ደህንነትን ከአብሮነት መለየቱ ገብቶኛል፤ አብሮነትን ከክብር መለየቱ ግን ያቅተኛል አለች። ሠራተኛዋ ወደ ስብሰባው ተጠርታ፣ ተቀምጣ፣ ነገር ግን አንድም ጊዜ የመናገር ዕድል ባይሰጣትስ?

መልስ 10። የግድግዳው ወጣት ተመለሰ፤ ምስጋና ይግባውና በመልስ 8 አልተቀየመም። አዲስ ደንብ ይዞ መጣ። የተጠየቀው ነገር ለሁሉም እኩል ቢታደል ዋጋው የማይቀንስ ከሆነ አብሮነት ነው፤ ለሁሉም ሲታደል የሚረክስ ከሆነ ክብር ነው። አባልነት ለሃምሳ ሰው ቢሰጥ ለሃምሳውም ይሞቃል። የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ የሚለው ሽልማት ግን ለሃምሳ ሰው ቢሰጥ ወረቀት ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ደንብ በጣም ማርኮኛል፤ ማስታወሻዬ ላይም ጽፌዋለሁ።

መልስ 11። መምህርቷም ደንቡን አደነቁ፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ ተቀበሉት። ማስሎው ክብርን በሁለት ረድፍ ከፍሎታል። በአንዱ ረድፍ ዝና፣ እውቅና፣ በሌሎች ዘንድ መከበር አሉ። በሌላው ረድፍ ደግሞ ብቃት፣ በራስ መተማመን፣ ነጻነትና በራስ መቆም አሉ። የወጣቱ ደንብ የሚሠራው ለመጀመሪያው ረድፍ ነው። ለሁለተኛው ምሳሌ ሰጡ። አንድ የጥገና ባለሙያ የሠራውን እያንዳንዱን ብሎን ተቆጣጣሪው እየመጣ ይነካካበታል። ሰውየው ሽልማት አልጠየቀም፤ ስሙ እንዲጠራም አልፈለገም፤ የጠየቀው አንዱን ማሽን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንም ሳይነካካበት እንዲጠግን ነው። ይህ መብት ለክፍሉ ባለሙያዎች ሁሉ ቢሰጥ ለእሱ ምንም አይረክስበትም። ያም ሆኖ ክብር ነው። በፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ እንደሆነ ነገሩን፤ ሽልማትና ጭብጨባ ስለማይታየው ተፈታኙ «መ»ን ዘሎ ያልፈዋል።

ለመልስ 9 ጥያቄ የሰጡት ምላሽ አጭር ነበር። እንደ ተጻፈው ሊመለስ አይችልም። ሴትየዋ የምትለው የዓመታት ልምዴን እያወቁ ዝም አሰኙኝ ከሆነ «መ» ነው፤ ከእነሱ እንደ አንዷ አያዩኝም ከሆነ «ሐ» ነው። ጥያቄው ከሁለቱ አንዱን ካልተናገረ ጉድለቱ የአዘጋጁ ነው።

መልስ 12፣ 13 እና 14 ከመንገድ ወጡ። መልስ 12 የማስሎው ፒራሚድ ጊዜ ያለፈበት ስለሆነ በእሱ መጨነቅ ከንቱ ነው አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ዋህባና ብሪድዌል የተባሉ ተመራማሪዎች የነበሩትን ጥናቶች መርምረው ለደረጃዎቹ ቅደም ተከተል ብዙ ድጋፍ እንዳላገኙ ጠቀሰ። መልስ 13 በ1943ቱ ጽሑፍ ውስጥ ፒራሚድ የሚባል ሥዕል እንደሌለ፣ ሥዕሉን ያመጡት ከእሱ በኋላ የአስተዳደር ትምህርት የጻፉ ሰዎች እንደሆኑ በኩራት አረመው። ሁለቱ እስከ ሌሊት ተነታረኩ፤ ሁለቱም የተናገሩት እውነት ሆኖ ሳለ የሚነታረኩበት ምክንያት አልገባኝም። መልስ 14 ፈተናዋ ሐሙስ እንደሆነ፣ የዶክትሬት ጥናት የሚጽፍ ካለ ሌላ ክር እንዲከፍት የጠየቀች ሴት ናት። ሳቅኩ።

ከዚህ ሁሉ ንትርክ አንድ ጠቃሚ ነገር ወጣ። መልስ 12 በንዴት መሀል የማስሎውን ተዋረድ እንደገና ያደራጀውን ተመራማሪ አልደርፈርን አነሣ። አልደርፈር እ.ኤ.አ. በ1969 አምስቱን ደረጃዎች ወደ ሦስት ሲያጥፋቸው ደህንነትን ለሁለት ከፈለው፤ ቁሳዊውን ደህንነት ከኑሮ ፍላጎቶች ጋር፣ ከሰዎች ጋር ባለን ግንኙነት የሚገኘውን ደግሞ ከግንኙነት ፍላጎቶች ጋር አስቀመጠው። ክብርንም እንዲሁ ከፈለው፤ ከሰው የሚገኘውን ወደ ግንኙነት፣ ከራስ የሚገኘውን ወደ ዕድገት ወሰደው። እኔን ያምታቱኝ ድንበሮች የእኔ ድንቁርና ብቻ እንዳልሆኑ በዚህ ተጽናናሁ። ከእኔ በፊት ባለሙያውም መስመሩን እዚያው ላይ አንቀሳቅሶታል።

መልስ 15። በሰው ኃይል አስተዳደር የሚሠሩ አንድ ሰው ሌላ ወጥመድ አመጡ። በሥራቸው ላይ ሥነ ልቦናዊ ደህንነት የሚባለው ቃል በየሪፖርቱ ይጻፋል። ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው ጥናት የታወቀ ሲሆን፣ በቡድን ውስጥ ስሕተትን ማመን፣ መጠየቅና መቃወም የማያስቀጣ መሆኑን አባላቱ በጋራ ማመናቸው ማለት ነው። ተፈታኞች ሠራተኛው በስብሰባ ላይ ሐሳቡን ለመናገር ይፈራል የሚል ጥያቄ ሲያዩ፣ ደህንነት የሚለውን ቃል ይዘው ወደ «ለ» ይሮጣሉ። እሳቸው ግን ብዙውን ጊዜ «ሐ» ነው ይላሉ፤ ሰውየው የሚፈራው መሳቂያ መሆንንና መገለልን ነውና። መምህርቷ በአጭሩ መለሱላቸው፤ የሚፈራው መባረርን ከሆነስ? ቃሉ አንድ ስለሆነ ፍላጎቱ አንድ ነው ማለት እንደማይቻል ሁሉ፣ ሁልጊዜ ሌላ ነው ማለትም አይቻልም። ሰውየው በዚህ አልረኩም። በሃያ ዓመት ሥራቸው ለመናገር ፈርቶ የተባረረ እንዳላዩ፣ ለመናገር ፈርቶ ብቻውን የቀረ ግን ብዙ እንዳዩ ጻፉ።

መልስ 16። እነዚሁ ሰው፣ ምናልባት በብስጭት፣ ከባድ የሆነውን ጥያቄ ጣሉልን። አንድ ኃላፊ ሰኞ ያመሰገነውን ሪፖርት ሐሙስ በሁሉም ፊት ይጥለዋል። የትናንት ትእዛዙን ዛሬ ይክዳል። ሠራተኞቹ ከእሱ የሚደርሳቸውን መልእክት ሁሉ እያተሙ በፋይል ማስቀመጥ ጀምረዋል። የጎደላቸው ምንድን ነው? እሳቸው «መ» ነው ይላሉ፤ በሰው ፊት መዋረድ ነውና። መምህርቷ «ለ» ይላሉ። ምክንያታቸው ከዚያው ከ1943ቱ ጽሑፍ የመጣ ነው። ማስሎው ስለ ሕፃናት ሲጽፍ የወላጆች ግፍ፣ አድልዎና ወጥነት ማጣት ሕፃኑን እንደሚያስጨንቀውና ደህንነቱን እንደሚያሳጣው ይናገራል፤ ሕፃኑ የሚሻው ሥርዓት ያለው፣ ሊገመት የሚችል ዓለም ነው። ሠራተኞቹ ያተሙትን ወረቀት ተመልከቱ አሉ መምህርቷ። የተዋረደ ሰው ይቅርታ ይፈልጋል፤ ወረቀት የሚያከማች ሰው ግን የሚፈልገው ነገ ሲካድ የሚያሳየው ማስረጃ ነው።

እኔ በልቤ ከመምህርቷ ጋር ነበርኩ። ሰውየው ግን ቀላል አልነበሩም። ወረቀቱ ሥራቸውን እንዳያጡ ሳይሆን ስማቸው እንዳይጠፋ የተከማቸ ቢሆንስ አሉ። እዚህ ላይ ማንም ማንንም አላሳመነም። የመልስ 6 ሻካራ ሰው ብቅ ብሎ፣ ማስሎው ራሱ አንድ ድርጊት በአብዛኛው ከአንድ በላይ ፍላጎት እንደሚነዳው ጽፎ ሳለ አንድ ፊደል ብቻ አክብቡ ማለት ግፍ ነው ብሎ ሄደ። በዚህኛው ጊዜ ማንንም አልዘለፈም።

መልስ 17 የእኔ ነው። ቁልፉ ትክክል እንደነበረ አመንኩ፤ አንድ ቅሬታ ግን አስቀረሁ። ደመወዟ ስለሚበቃት የደህንነቱን ደረጃ አልፋዋለች ብዬ አስቤ ነበር፤ ለምን ተሳሳትኩ? የመለሰልኝ መልስ 13 ነው፤ ለካ ሲረጋ ጥሩ አስተማሪ ነው። ማስሎው አንዱ ደረጃ መቶ በመቶ ሳይሞላ ቀጣዩ አይነሣም የሚለውን አስተሳሰብ ውድቅ ሲያደርግ፣ ለምሳሌ ያህል ብቻ የፈጠራቸውን ቁጥሮች ሰጥቷል፤ አንድ ሰው አካላዊ ፍላጎቱ 85 በመቶ፣ ደህንነቱ 70፣ ፍቅሩና አብሮነቱ 50፣ ክብሩ 40፣ ራሱን እውን ማድረጉ 10 በመቶ የተሟላለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዛሬ ደመወዝ የዛሬን ሆድ ይሞላል እንጂ ከስድስት ወር በኋላ ያለውን አይመልስም። ጎልቶ የሚታየው የሚለው ሐረግም ሌሎቹ ጉድለቶች የሉም ማለት አይደለም።

ይህን መልስ 18 ብለን እንቁጠረውና፣ መልስ 19 የመምህርቷ የመጨረሻው ነው። አንድ ጥያቄ ትተውልን ሄዱ። ሃያ ዓመት ያገለገለ ቋሚ ሠራተኛ ነው። መሥሪያ ቤቱ አዲስ የኮምፒውተር ሥርዓት አስገባና ለሁሉም በአንድ አዳራሽ ሥልጠና አዘጋጀ። ሰውየው ከወጣቶቹ ጋር ሳይሆን ለብቻው እንዲሠለጥን ጠየቀ። ፊደል እንዳንመርጥ ከለከሉን። ያዘዙን፣ «ለ»፣ «ሐ» እና «መ» እያንዳንዳቸው ትክክለኛ መልስ እንዲሆኑ በጥያቄው ላይ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንድንጨምር ነው።

ለ«ለ» የጨመርኩት፣ ሥርዓቱን በሦስት ወር ውስጥ ያልለመደ ከመደቡ እንደሚነሣ ማስታወቂያ ወጥቷል የሚል ነው። ለ«መ» ደግሞ፣ ከሠልጣኞቹ መካከል ግማሾቹን ሥራ ያስለመዳቸው እሱ ነው የሚለውን ጨመርኩ። መልስ 9ኟ ተፈታኝ የ«መ»ውን ወድዳልኛለች። ለ«ሐ» የጻፍኩትን ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ፤ ለብቻዬ ልሠልጥን የሚል ሰው እንዴት አብሮነትን ሊፈልግ እንደሚችል አልመጣልኝም። የመልስ 7 ባለ ሹራብ ሰው እኔ ጋር አንድ አለኝ ብሎ ጽፏል፤ እስካሁን ግን አልለጠፈውም።